ይፈውሰዋል ያልኩት እኔ ነኝ

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ለልጅዎ ሰጥቼዋለሁ። በአማርኛ ብጽፈውም በአገውኛ አድርጎ እንዲያነብልዎት ለምኜዋለሁ። ሱቅ መጥተው ሲቆጡ መልስ ሳልሰጥዎት የቀረሁት ንቄዎት አይደለም። ሰው ቆሞ በሚሰማበት ቦታ ታላቄን መመለስ ስለከበደኝ ነው። የምለውም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አልነበረም።

ከእኔ ሱቅ ሦስት እሽግ ማንኮዜብ በ2,400 ብር ገዝተው ነበር። አሁን የሚሉት ሦስት ነገር ነው። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስ፣ የጠፋብኝ የድንች ምርትም ይከፈለኝ። ይህንኑ ለመንደሩ ሰው ተናግረዋል፤ ወሬው ዳንግላ ገበያ ድረስ ደርሷል። አንድ የዳንግላ ደንበኛዬ ያዘዘውን ዕቃ ትቷል።

መልሴን አላዘገይብዎትም። ከ2,400 ብሩ 1,600 ብር እመልስልዎታለሁ። 800 ብሩን አልመልስም። የምርቱንም ዋጋ አልከፍልም። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ነገር ግን እኔ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ እርስዎ ከከሰሱኝ ጥፋት የተለየ ነው። እርስዎ ያላወቁት ስለሆነ ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አስቀድሜ ሐሰተኛ ስለተባለው ልናገር። እርስዎ ሱቄን ለቀው እንደወጡ ከዚያው ካርቶን የቀሩትን እሽጎች አውርጄ አየሁ። እሽጋቸው አልተነካም። የባች ቁጥራቸው እርስዎ ባዶውን ይዘው ከመጡት ከረጢት ጋር አንድ ነው። የማብቂያ ቀናቸው ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል። ከዚያ አንዱን ከፍቼ በሚያሳይ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ጥቂት በጠበጥኩና አስቀመጥኩት። እርጥበት የገባው ወይም ያረጀ ማንኮዜብ ይጓጉላል፤ ሲበጠብጡት ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ውኃው ይጠራል። ይኼኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ቢጫማ ድፍርስ እንደሆነ ነበር፤ ከጠርሙሱ ሥር የተቀመጠው ዝቃጭ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያው ካርቶን የገዙት የጎረቤትዎ ማሳ ደግሞ ዛሬም አረንጓዴ ነው። ልዩነቱ እሳቸው የረጩት በቅጠሉ ላይ አንድም ጥቁር ነጥብ ሳይታይ ነው።

የጠርሙሱ ሙከራ ሁሉን ነገር አይነግርም። ዱቄቱ እንዳልተበላሸ ያሳያል እንጂ በውስጡ ያለው መድኃኒት በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያህል መሆኑን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ከዚያው ባች ሁለት እሽግ ሳልሸጥ ለብቻ አስቀምጫለሁ። የወረዳችሁ የእፅዋት ጤና ባለሙያ መጥተው ናሙና ይውሰዱ። ሐሰተኛ ወይም ከተጻፈው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ 2,400 ብሩን አንድ ሳይጎድል እመልሳለሁ፤ ከረጢቱ ተከፍቷል አልተከፈተም ብዬ አልከራከርም። ይህን የምለው ከደግነቴ አይደለም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እርስዎ የገዙት ሐምሌ 8 ነው፤ የመጡት ሐምሌ 20። በጊዜው ጠይቀዋል። የሱቄ ደንብ ከአዋጅ በላይ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ደህና ከሆነ ድንቹ ለምን ተቃጠለ? ይህን ማወቅ አለብዎት፤ የሚቀጥለው ዓመት ድንችም በዚሁ ላይ ያረፈ ነው።

ማሳዎ ውስጥ የገባው ሌት ብላይት የሚባለው የድንች በሽታ ነው። ብርድና እርጥበት ይወዳል፤ የእኛ የባንጃ ሐምሌ ደግሞ ብርድና እርጥበት ነው። ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። በሽታው መጀመሪያ በቅጠሉ ጫፍ ወይም ጠርዝ ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጠዋት በማለዳ ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት በነጥቡ ዙሪያ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር አለው። ያ አቧራ ዘሩ ነው። በነፋስና በዝናብ ፍንጣሪ ከቅጠል ወደ ቅጠል፣ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። ክፉ ነገሩ፣ አንድ ቅጠል ከተያዘ በኋላ ነጥቡ እስኪታይ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ እርስዎ አሥር ቅጠል ጠቁሮ ሲያዩ አረንጓዴ ከሚመስለው ውስጥ ብዙው ተይዟል። ዝናቡ ካላባራ በአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ማሳው በሙሉ እሳት የነካው ይመስላል። አየርላንድ በሚባል አገር እ.ኤ.አ. በ1845 ገብቶ፣ በአብዛኛው በድንች ይኖር ከነበረው ሕዝብ በረሃቡና ረሃቡ ባስከተለው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ይህ የሆነው በመሬታቸው ክፋት ወይም በገበሬዎቻቸው ስንፍና አይደለም።

ማንኮዜብ በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ዘሩ መጥቶ ሲያርፍበት ሳይበቅል ይገድለዋል። ወደ ቅጠሉ ውስጥ አይገባም። ውስጥ የገባውን በሽታ አይደርስበትም። ልክ እንደ ገሳ ነው፤ ዝናቡ ሳይመጣ የለበሰውን ያድነዋል እንጂ በስብሶ ለገባ ሰው ቢያለብሱት አያደርቀውም። ከርጭቱ በኋላ ያቆጠቆጠው አዲስ ቅጠልም መድኃኒት የለበትም፤ በዚያ ላይ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ በእኛ ክረምት ሌላ ችግር ሳይኖር እንኳ በየሰባት፣ ቢበዛ በየአሥር ቀኑ መደገም ያለበት ነው። ወደ ቅጠሉ ገብቶ ከገባ ጥቂት ቀን የሆነውን በሽታ ሊያቆም የሚችለው ሪዶሚል ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት፣ ሜታላክሲል ከማንኮዜብ ጋር የተቀላቀለበት ነው። እሱም ቢሆን የጠቆረውን ቅጠል መልሶ አረንጓዴ አያደርግም፤ ቶሎ ቶሎ ከተረጨም በሽታው ይለምደዋል። በአንድ የእርሻ ወቅት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይመከርም።

ጋሼ፣ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 8 ሱቄ ሲመጡ ከጋቢዎ ጫፍ አንድ የድንች ቅጠል ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይህ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። አየሁት። ነጥቡን አየሁ፤ ገልብጬ ነጩንም አየሁ። በሽታው መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ቅጠሉ ላይ ያለው ነጥብ አንድም ሁለትም አልነበረም፤ ቢያንስ የቅጠሉ ሲሶ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር። ከማሳው ስንቱ እንዲህ ሆነ? መቼ ጀመረ? ስንት ቃዳ ነው? ከዚህ በፊት ረጭተዋል? አንዱንም አልጠየቅሁም። «መድኃኒት አለው፣ ይኼ ይፈውሰዋል» አልኩዎት። ማንኮዜብ የሚፈውስ መድኃኒት እንዳልሆነ እያወቅሁ «ይፈውሰዋል» አልኩ። ሦስት እሽግ ስጠኝ አሉ፤ ሰጠሁ፤ ደረሰኝ ቆረጥኩ፤ ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ምክንያት አይሆነኝም። ዋናው ሌላ ነው። ሪዶሚል አልቆብኝ ነበር። ከባሕር ዳር የታዘዘው ገና አልመጣም። እውነቱን ብናገር «ጋሼ፣ እኔ ዘንድ ያለው አሁን አይረዳዎትም፤ ሌላ ሱቅ ይሂዱ» ማለት ነበረብኝ። ያ ደግሞ ሽያጩን ማጣት ነው፤ ምናልባትም እርስዎን ማጣት ነው። ስለዚህ ያለኝን ሸጥኩ። ሐሰተኛ መድኃኒት አልሸጥኩም፤ ትክክለኛውን መድኃኒት ለማያክመው በሽታ ሸጥኩ። ይህ ሆን ተብሎ ከሚደረግ ማታለል ምን ያህል እንደሚርቅ እኔም አላውቅም። ብዙ እንደማይርቅ ግን ይሰማኛል፤ ለዚህም ነው የሚያሳፍረኝ።

ሁለተኛ ጥፋቴ አጠቃቀሙን አለመንገሬ ነው። በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛውንም ለማንበብ ዓይን ይጠይቃል። እርስዎና እኔ የምንነጋገረው በአገውኛ ነው። በራሳችን ቋንቋ ሁለት ደቂቃ ብነግርዎት ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግዎትም ነበር። የመድኃኒት ሻጭ ከገበሬው የሚለየው በዚህ እውቀት ነው፤ ያንን ደግሞ ሳልሰጥዎት ከረጢቱን ብቻ አስረከብኩ።

ምን ያህል ጉዳት እንዳመጣ በኋላ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለን ቆጥረነዋል። ማሳው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ለሄክታር ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፤ ለእርስዎ ማሳ ለአንድ ርጭት አንድ ኪሎ ከሩብ ይደርሳል ማለት ነው። እርስዎ በአንድ ርጭት አንድ ኪሎ ብቻ ጨረሱ። ይህስ ብዙ ጉድለት አልነበረም። የበለጠው ጉድለት ውኃው ላይ ነው። አድገው ረድፉን ለሞሉት ድንቾች ለግማሽ ሄክታር ቢያንስ 15 መርጫ ያህል ውኃ ያስፈልጋል፣ ባለ 16 ሊትሩን መርጫ ማለቴ ነው። ልጅዎ እንደነገረኝ እርስዎ የረጩት በስምንት ነው። ስምንት መርጫ የላይኛውን ቅጠል ያረጥባል፤ በሽታው መጀመሪያ የሚደበቅበትን የታችኛውን ቅጠልና የቅጠሉን ሆድ አይደርስበትም። ሁለተኛውን እሽግ በሦስተኛው ቀን ረጩት፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከብዶ እያለ። መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ ሳይደርቅ ዝናቡ ወረደ። ያ እሽግ አብዛኛው መሬት ገባ። ሦስተኛው እሽግ ሳይከፈት ቤትዎ አለ።

ገንዘቡን ያሰላሁት በዚህ ላይ ተመሥርቼ ነው።

ያልተከፈተውን እሽግ ይዘው ይምጡ፤ 800 ብሩን ሙሉ እመልሳለሁ። ይህ የሱቄ ደንብ ነው። እሽጉ ካልተነካና ደረሰኝ ካለው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ እንኳ ቢሆን በ15 ቀን ውስጥ ከመለሰ እቀበላለሁ። እርስዎ በ12ኛው ቀን ጠይቀው ያልተቀበልኩዎት እኔ ስለሆንኩ ቀኑ አለፈ አልልም።

የተከፈቱት ሁለቱ እሽጎች 1,600 ብር ናቸው። የተከፈተ መድኃኒት አልመልስም፤ ለማንም አልመለስኩም፤ ለእርስዎም አልመልስም። ይህን ደንብ በልመናም ሆነ በቁጣ አላላውም፤ ምክንያቱን ግን ልንገርዎት። ማንኮዜብ አየርና እርጥበት ከነካው ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዓይን አይታይም። ከሰው ቤት ተከፍቶ የመጣውን ከረጢት ውስጡ ምን እንደተጨመረበት ማወቅ አልችልም። እኔ ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ ብመልሰው ነገ እንደ እርስዎ ያለ ገበሬ ያንን ገዝቶ ይወስዳል። ያን ጊዜ የሚነገርብኝ ወሬ እውነት ይሆናል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲጠነቀቅ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ መርዝ ነው፣ ከስኳርና ከጨው ጋር አንድ አይደለም።

ስለዚህ ለሁለቱ ከረጢቶች ዋጋ የምመልሰው የለም። ግን የሰጠሁት ቃል ዋጋ አለው። «ይፈውሰዋል» ባልል ኖሮ እርስዎ እነዚያን ሁለት እሽጎች ለዚያ ማሳ አይገዙም ነበር። በሌላ በኩል ቢገዙም፣ ውኃውን በግማሽ የቀነሱት፣ ከደመና በታች የረጩት እርስዎ ነዎት፤ ከመርጨትዎ በፊት ጎረቤትዎን ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን መጠየቅ ይችሉ ነበር። እኔ አልነገርኩዎትም፤ እርስዎም አልጠየቁም። ጥፋቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን፣ 800 ብር፣ ለቃሌ ጥፋት እከፍላለሁ። ባዶዎቹን ከረጢቶች እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። እባክዎ ለጨውም ለእህልም እንዳይጠቀሙባቸው፤ ልጆች በማይደርሱበት፣ ከውኃ በራቀ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሯቸው።

800 ካልተከፈተው፣ 800 ከቃሌ፤ በድምሩ 1,600 ብር። ከገዙበት ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው።

የምርቱን ዋጋ ለምን እንደማልከፍል ደግሞ ላስረዳ። ሐምሌ 8 ሪዶሚል ኖሮኝ ቢሆንና በደንብ ቢረጩት ከማሳው የተወሰነው ይድን ነበር ብዬ አስባለሁ። የቱ ያህል እንደሆነ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። የቅጠሉ ሲሶ ጠቁሮ ነበር፤ በዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ማሳ ከዝናቡ ጋር ሲታገል ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ያላደረግሁትን ጥፋት ብከፍል ይህቺ ሱቅ ትዘጋለች፤ ከእኔም አልፎ በዱቤ ዘር የሚወስዱ ጎረቤቶችዎ ይጎዳሉ። በግምት የሚከፈል ካሳ ፍትሕ አይሆንም። ይህ መልስ ካላረካዎት በሽማግሌ ይታይ። ሽማግሌውን እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ እቀበላለሁ፤ ከእኔ ወገን ሰው አልጨምርም። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድም መብትዎ ነው፤ ደረሰኙ በእጅዎ ነው፤ የእኔም ቅጂ አለ።

አሁን ስለቀረው ድንች ልንገርዎት፤ ይህም ሐምሌ ላይ ልነግርዎት ይገባኝ ከነበረው ውስጥ ነው። ቅጠሉ ጠፍቷል፣ ከመሬት በታች ያለው ግን ሁሉም አልጠፋም። በበሽታው የጠቆረውን ግንድና ቅጠል አጭደው ከማሳው ውጭ ያውጡት፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። እዚያው ረድፉ መካከል ከተጣለ ዝናቡ ዘሩን ወደ አፈሩ አውርዶ ድንቹን ያበሰብሰዋል። ካጨዱ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይቆፍሩ ይቆዩ፤ የድንቹ ቆዳ ይጠነክራል፣ ከላይ የቀረው ዘርም ይሞታል። ሲቆፍሩም ዝናብ በሌለበት ቀን ይሁን። የተበላሸውን ለመለየት ቆዳው ላይ ጎድጎድ ያለ ቡናማ ቦታ ይፈልጉ፤ በጥፍርዎ ቢላጡት ከሥሩ የዛገ ብረት ዓይነት ቀለም ያለው ሥጋ ያገኛሉ። ያንን ከጤነኛው ጋር አያከማቹ። ለዘር ደግሞ ከዚህ ማሳ አንድም ፍሬ አያስቀሩ፤ በሽታው በዘሩ ውስጥ ሆኖ ተደብቆ ይከርማል።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር ያስቡ። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት በለጠና ጉደኔ የተባሉት ዝርያዎች ከድሮው ዘር የተሻለ ይቋቋሙታል። ፈጽሞ አይያዙም ማለት አይደለም፤ ግን የመርጫ ጊዜ ይሰጣሉ። ውኃ የሚደርሰው ማሳ ካለዎት ደግሞ ከክረምቱ በፊት በመስኖ የተተከለ ድንች በሽታው ሳይበረታ ይደርሳል፤ ብዙ የአካባቢያችን ሰው ይህን እያደረገ ነው። በክረምት መትከል ግድ ከሆነ ድንቹ ረድፉን ሳይሞላ፣ ነጥብ ሳይታይ የመጀመሪያው ርጭት ይጀመር።

እኔም በበኩሌ ከዚህ በኋላ የድንች መድኃኒት የሚገዛ ሰው ቅጠሉን ሳያሳየኝ፣ ማሳው ስንት ቃዳ እንደሆነ ሳይነግረኝ አልሸጥለትም። ቅጠሉ ላይ ነጥብ ካለ ማንኮዜብ ብቻውን አልሰጥም። የሚፈለገው መድኃኒት ካለቀብኝ ያለቀ መሆኑን እናገራለሁ፤ ያለበትን ሱቅ የማውቅ ከሆነም እጠቁማለሁ። ገበያ ቀን ቢሆንም።

ይቅርታ ጋሼ። ያልኩት ቃል ሐሰት ነበር፤ ያመኑኝ በእኔ ቋንቋ ስለነገርኩዎት ነው፤ ይህ ደግሞ ሸክሙን ያከብደዋል። 1,600 ብሩን በፖስታ አድርጌ ስምዎን ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ያልተከፈተውን እሽግና ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፣ ወይም ለልጅዎ ሰጥተው ይላኩት፤ ሱቁ ከእሁድ በስተቀር ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የናሙናው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ስለ መድኃኒቱ «ሐሰተኛ ነው» የሚለውን ቃል ያቁሙልኝ። ሰው ስለ እኔ ከጠየቀዎት ግን እውነቱን ይንገሩት፤ «ለታመመ ማሳ የማይሆን መድኃኒት ሸጠልኝ፣ ስህተቱን አምኖ ከገንዘቤ ሁለት ሦስተኛውን መለሰልኝ» ይበሉት።